ማርኬቱ ሲወርድ ከጡረታ አካውንት ማውጣት፦ ጉዳዩ አቬሬጁ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው

ጥያቄ፦ «ከ26 ዓመት በኋላ ከአሜሪካ ጠቅልዬ ጅማ ገብቻለሁ፣ እድሜዬ 66 ነው። አይ አር ኤ የሚባለው የጡረታ አካውንቴ ላይ ዓመቱ ሲጀምር 400 ሺ ዶላር ነበር፣ 80 ፐርሰንቱ ስቶክ ፈንድ፣ 20ው የአጭር ጊዜ ቦንድ። በየወሩ በራሱ እየተሸጠ 2 ሺ እንዲላክልኝ አድርጌያለሁ፣ በዓመት 24 ሺ መሆኑ ነው፣ ከሱ 8 ሺው ቦሳ ለጀመርኩት ቤት ነው የሚሄደው። ሶሻል ሴኩሪቲዬ ለባለቤቴ ህክምናና ለልጆቹ ነው። አሁን ማርኬቱ ወርዶ 330 ሺ ገብቷል። ጓደኛዬ ማርኬት ሁሌም ይመለሳል አቬሬጁ ጥሩ ነው አትጨነቅ ይለኛል፣ ወንድሜ ደሞ ሁሉንም ሸጠህ ቤቱን ጨርስበት ይላል። ማንን ልስማ?»

ጋሼ እንኳን ለሀገርዎ አበቃዎ። እኔም የዛው አካባቢ ልጅ ነኝ፣ አጋሮ ነው ያደግኩት፣ ስራዬ ደሞ ጡረታ ለወጡ ሰዎች የአካውንታቸውን አወጣጥ ማስላት ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልፃፍልዎ ምክንያቱም ሁለቱም ሰዎች ግማሽ እውነት ይዘው ነው የሚያወሩት፣ ግማሹ ግን ገንዘብዎን ሊጨርሰው ይችላል።

ጓደኛዎ የሚሉት ነገር እየቆጠበ ላለ ሰው ልክ ነው። እርስዎም አሜሪካ እየሰሩ በነበረበት ጊዜ 2008 ላይ (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) ማርኬቱ ሲወርድ ምንም አልሆኑም፣ እንደውም በየደመወዙ የሚቆረጠው ብር በርካሽ ሼር እየገዛልዎት ነበር። አሁን ግን እርስዎ ገዢ አይደሉም፣ ሻጭ ሆነዋል፣ ልዩነቱ ያለው እዚጋ ነው። ሻጭ ሲኮን የትርፍና የኪሳራው ዓመት የሚመጣበት ተራ ከአቬሬጁ በላይ ይወስናል፣ በሙያው ሲኩዌንስ ኦፍ ሪተርንስ ሪስክ የሚባለው ይሄ ነው፣ በኛ አነጋገር የቅደም ተከተል አደጋ እንበለው።

በከብት ላስረዳዎ። ሰቃ በኩል ዘመድዎ ጋ 40 ላሞች አሉዎት እንበል፣ የዓመት ወጪዎን ለመሸፈን 2 ላም መሸጥ ይበቃዎታል፣ በየዓመቱ ደሞ የሚወለዱት ጥጆች የተሸጡትን ይተካሉ። አንድ ዓመት የከብት ዋጋ በግማሽ ወረደ። ወጪው አልቀነሰምና አሁን 4 ላም መሸጥ ግድ ነው፣ በሚቀጥለውም ዓመት ዋጋው ካልተነሳ ሌላ 4። ከዛ ዋጋው ወደ ድሮው ተመለሰ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ከብት ተወደደ» ብሎ ደስ ብሎታል፣ እርስዎ ግን በረቱ ውስጥ ያሉት ናቸው የተወደዱልዎት እንጂ የሸጧቸው 8 ላሞች ከነጥጆቻቸው አይመለሱም። ዋጋው ተመለሰ ማለት የእርስዎ ሀብት ተመለሰ ማለት አይደለም። ስቶክም ላይ እንደዛው ነው፣ አንድ ሼር 100 ዶላር እያለ 24 ሺ ለማግኘት 240 ሼር ይሸጣል፣ 60 ከገባ 400 ሼር። ተጨማሪውን 160 ሼር የወሰደው ኪሳራው ብቻ አይደለም፣ በኪሳራው ላይ መሸጡ ነው።

አሁን በእውነተኛ ቁጥር እንየው፣ የአሜሪካን 500 ትልልቅ ኩባንያዎች ስቶክ የሚከተለው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ዲቪደንዱ ተጨምሮበት በየዓመቱ ያስገኘውን ይዤ ነው ያሰላሁት። በ2000 መጀመሪያ ላይ 400 ሺ ይዞ ጡረታ የወጣ ሰው አለ እንበል፣ እንዲታይልዎት ብዬ ሙሉውን ስቶክ ላይ አድርጌዋለሁ፣ በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ 24 ሺ ያወጣል፣ ለኑሮ ውድነትም ብሎ ምንም አይጨምርም። ያኔ ማርኬቱ 2000 ላይ 9 ፐርሰንት፣ 2001 ላይ 12፣ 2002 ላይ 22 ፐርሰንት ገደማ ተከታትሎ ወረደ። ሰውዬው 2002 ሲያልቅ እጁ ላይ 199 ሺ ቀረ። 2003 ላይ ማርኬቱ ወደ 29 ፐርሰንት ዘለለ፣ ሁሉም ሰው ተመለሰ ተመለሰ ያለበት ዓመት ነው፣ እሱ ግን ከ24 ሺው በኋላ 226 ሺ ብቻ ሆነለት። ከዛ አራት ዓመት በጎ ዓመቶች ነበሩ፣ ከ200 እስከ 225 ሺ መሀል ላይ ተንሳፍፎ ቆየ፣ ከዛ 2008 መጥቶ 37 ፐርሰንት ሲወርድ 112 ሺ ገባ። ከዛ በኋላማ ማርኬቱ ምን ያህል እንደወጣ ያውቃሉ፣ 2013 ብቻውን ከ32 ፐርሰንት በላይ ነው፣ ግን የሚወጣለት ነገር አልነበረውም። 2015 ሲያልቅ አካውንቱ ላይ 6 ሺ ዶላር ገደማ ብቻ ቀረው፣ የሚቀጥለውን ዓመት 24 ሺ አይሸፍንም።

በነዚሁ 16 ዓመታት 400 ሺ አስቀምጦ ምንም ያልነካ ሰው ግን 757 ሺ ገደማ ሆኖለታል። ስለዚ ማርኬቱ አልከዳም፣ ጓደኛዎ እንዳሉት ተመልሷል።

እሺ፣ አሁን ያው 16 ዓመት ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ቢሆንስ? ማለትም የ2015ቱ ትርፍ መጀመሪያ መጥቶ የ2000ው ኪሳራ መጨረሻ ላይ ቢሆን። ያው ሰው፣ ያው 400 ሺ፣ ያው 24 ሺ፣ አቬሬጁም አንድ። ሳሰላው መጨረሻ ላይ የሚቀረው 335 ሺ ነው። በአንዱ ተራ 6 ሺ፣ በሌላው ተራ 335 ሺ። ይሄን ስሌት መጀመሪያ በእጄ የሰራሁት ቀን ተሳስቻለሁ ብዬ ሶስት ጊዜ ደግሜዋለሁ። ምንም ያላወጣው ሰውዬ ግን በየትኛውም ተራ ቢሆን ያው 757 ሺ ነው፣ ማባዛት ስለሆነ ተራው አይቀይረውም። ተራ ወሳኝ የሚሆነው በመሀል ብር ሲወጣ ብቻ ነው።

ለዛ ነው ከጡረታ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ከሌሎቹ ሁሉ የከበዱት። ብሩ ከሁሉም የሚበዛበትና ገና ብዙ ዓመት ሊያበላ የሚጠበቅበት ጊዜ ስለሆነ ያኔ የወረደ ማርኬት የሚወስደው ነገር ከፍ ይላል። 85 ዓመትዎ ላይ ማርኬቱ ቢወርድ እንዲህ አያሳስበኝም ነበር። እርስዎን ግን ያገኝዎት ገና በር ላይ ነው፣ ስለዚ አትጨነቅ የሚለውን ምክር እኔ አልሰጥዎትም፣ ግን ደሞ ገና ስላልመሸ የሚሰራ ነገር አለ።

የት እንደደረሱ የሚነግርዎ አንድ ቁጥር አለ። የዓመቱን ወጪ ለአሁኑ ባላንስ ማካፈል ነው፣ ለመነሻው ሳይሆን ለአሁኑ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚጋ ነው፣ «እኔ 6 ፐርሰንት ነው የማወጣው» ብሎ የመጀመሪያውን ቀን ቁጥር ይዞ ይቀራል። የ2000ው ሰውዬ በ6 ፐርሰንት ነው የጀመረው፣ በዓመቱ 7 ሆነ፣ በሁለተኛው 8.6፣ 2003 ሲገባ 12 ፐርሰንት። 12 ፐርሰንት እያወጣ ያለ ሰው ባለበት ለመቆም እንኳን ማርኬቱ በየዓመቱ ከ13 ፐርሰንት በላይ ሊሰጠው ይገባል፣ ያንን ደሞ ማንም ዋስትና አይሰጥም። የእርስዎ አሁን 24 ለ330 ሲካፈል 7.3 ፐርሰንት ነው። ለማነፃፀር ያህል፣ ዊልያም ቤንገን የሚባል አሜሪካዊ ፕላነር በ1994 የድሮውን መረጃ ሲፈትሽ 30 ዓመት በክፉው ጊዜ ጡረታ የወጣውን ሰው እንኳን ያዘለቀው አወጣጥ በመጀመሪያው ዓመት ከጠቅላላው 4 ፐርሰንት ገደማ ሆኖ ከዛ በኋላ በዋጋ ንረት ልክ የሚጨምር እንደሆነ ነው ያገኘው፣ ያውም የአሜሪካ ስቶክና ቦንድ ተደባልቆ። እንደ ህግ አይያዙት፣ ግን 7.3 ከዛ ምን ያህል እንደራቀ ይታያል።

አሁን ወደ እርስዎ አካውንት እንግባ፣ ሁለት ነገር ነው ማስተካከል የምፈልገው።

አንደኛው ያ «በራሱ እየተሸጠ» የሚሉት ነገር ነው፣ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው። ብዙ ጊዜ እንዲህ አይነት አውቶማቲክ ዊዝድሮዋል ሲከፈት ከሁሉም ፈንድ በድርሻው እንዲሸጥ ተደርጎ ነው የሚሞላው፣ የእርስዎም እንደዛ ከሆነ በየወሩ ከሚላክልዎት 2 ሺ ውስጥ 1,500 የሚሆነው ከወረደው ስቶክ እየተሸጠ ነው የሚመጣው። ይሄ ነው ላሟ በግማሽ ዋጋ የምትሸጠው። አካውንትዎ ውስጥ ገብተው ወይ ደውለው ከቦንድ ፈንዱ ብቻ እንዲሸጥ ያስቀይሩት። የሚላክልዎት ብር አንድ ሳንቲም አይቀንስም፣ የሚቀየረው ከየት እንደሚወጣ ነው። ቦንዱ ላይ ወደ 78 ሺ ይኖርዎታል ብዬ ገምቻለሁ፣ ያ ማለት በ24 ሺ ሂሳብ ሶስት ዓመት ትንሽ አለፍ ያለ፣ የቤቱ 8 ሺ ቆሞ በ16 ሺ ከሆነ አምስት ዓመት ገደማ ስቶኩን ሳይነኩ ይቆያሉ። ገበሬ ጎተራ የሚይዘው ለዚሁ አይደል፣ ዋጋ ሲጠፋ ከጎተራው ይበላል።

የአጭር ጊዜ ቦንድ መያዝዎ ደሞ በጣም ጥሩ ነው። 2022 ላይ ስቶኩ 18 ፐርሰንት ሲወርድ ወለድ ስለጨመረ ሰፊው የአሜሪካ ቦንድ ፈንድም 13 ፐርሰንት ወርዷል፣ ረጅም ጊዜ ቦንድ የያዙ ሰዎች ጎተራቸውም አብሮ ነቀዘባቸው። እርስዎ አጭሩን ስለያዙ እንደዛ አይጎዱም፣ ማንም መጥቶ የተሻለ ወለድ አለ ብሎ ወደ ረጅሙ እንዳያዛውርዎት።

ገደቡንም ልንገርዎ፣ ጎተራ ሁሉን አያድንም። በ2000 የተጀመረው መውረድ ምንም ላልነካ ሰው እንኳን ዲቪደንዱ ተቆጥሮ ወደ መነሻው የተመለሰው 2006 ላይ ነው። አምስት ዓመት ያልኩዎት ቦንድ ያንን ሙሉ አይሸፍንም ነበር። ስለዚ ሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው ይበልጣል፣ እሱም የሚወጣውን ብር መቀነስ ነው።

እና እዚጋ ነው ለእርስዎ ተስፋ የማየው ጋሼ፣ ምክንያቱም ከ24 ሺው 8 ሺው ለቤቱ ነው። የብዙ ሰው ወጪ ዳቦና መድሃኒት ሆኖ የሚቀነስ የለውም፣ የእርስዎ ግን ሲሶው ለጊዜው መቆም የሚችል ነገር ነው። እንዴት እንደሚያግዝ በዛው የ2000 ሰውዬ ላሳይዎ። ደንቡን እንዲህ አድርጌ ደግሜ አሰላሁት፦ ያለፈው ዓመት ማርኬቱ ወርዶ ከሆነ ዘንድሮ 16 ሺ ብቻ ያወጣል፣ ወጥቶ ከሆነ 24 ሺውን። በ16 ዓመት ውስጥ የቀነሰው አራት ጊዜ ብቻ ነው፣ 2001፣ 2002፣ 2003 እና 2009። በጠቅላላ 32 ሺ ዶላር ነው የተወው። 2015 ሲያልቅ በ6 ሺ ፋንታ 87 ሺ ቀረው። የተወው 32 ሺ፣ ያተረፈው 81 ሺ፣ ምክንያቱም ያ ብር በርካሹ ጊዜ ሳይሸጥ ቀርቶ ማርኬቱ ሲነሳ አብሮ ተነሳ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሌም 16 ሺ ብቻ ያወጣ ሰው ደሞ 2015 ላይ ከ250 ሺ በላይ ነበረው። ይሄ ሁሉ ስሌት የፈንድ ክፍያና የኑሮ ውድነት ያልገባበት ነው፣ የእርስዎም 20 ፐርሰንት ቦንድ ስላለው ልክ እንደዚ አይሆንም፣ አቅጣጫው ግን ይሄው ነው።

ቤቱን አቁም ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጅማ ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ያውቃሉ፣ ያልተሸፈነ ግድግዳና የቆመ ብረት ክረምቱ ያበላሸዋል፣ ሲሚንቶና ብረት ደሞ በብር ሲወደድ እንጂ ሲረክስ አላየንም። ስለዚ ባለበት ይቁም አልልም። ጣሪያው ካልተመታ ጣሪያው ይመታ፣ በርና መስኮቱ ይታሸግ፣ ከዛ ፊኒሺንጉ፣ ሴራሚኩ፣ አጥሩ ምናምኑ ይጠብቅ። ሰርቪስ ቤቱን በትንሽ ብር ጨርሰው ማከራየት የሚችሉ ከሆነ እሱንማ እኔም እደግፋለሁ፣ ወር በወር የሚገባ ኪራይ ካለ ከአሜሪካ የሚሸጠው ሼር በዛው ልክ ይቀንሳል። ግን ሂሳቡን በትክክል ይስሩት፣ 5 ሺ ዶላር አውጥቶ በወር 30 ዶላር የማያስገባ ሰርቪስ ከሆነ ለአሁኑ ይቅር።

ወንድምዎ ያሉትን ደሞ እንየው። ሀሳባቸው ከልብ እንደሆነ ይገባኛል፣ በኛ ሀገር መሬትና ቤት የከዳው ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ ስቶክ ደሞ በዓይን አይታይም። ግን አሁን ሁሉንም ሸጡ ማለት ከላይ ያየነውን ጥፋት በአንድ ቀን መፈፀም ነው፣ ላሞቹን በሙሉ በወረደ ዋጋ። ሌላው ታክሱ ነው፣ አካውንትዎ ሮዝ የሚባለው ካልሆነ በስተቀር ከአይ አር ኤ የሚወጣ ዶላር በሙሉ የዛ ዓመት ገቢ ሆኖ ይቆጠራል፣ ዜግነትዎ የአሜሪካ ከሆነ ጅማ ቢኖሩም ያው ነው፣ በዓመት 24 ሺ ሲያወጡ የሚከፍሉትና 330 ሺ በአንዴ ሲያወጡ የሚከፍሉት ፐርሰንት አይገናኝም። ሶስተኛው ቤት ዳቦ አይሆንም፣ ተሰርቶ ካለቀ በኋላ የ16 ሺው የኑሮ ወጪ ከየት ይመጣል?

ሸጠው በብር ባንክ ማስቀመጡንም አልመክርም፣ 2024 ሀምሌ መጨረሻ ላይ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ ያኔ ብዙ ብር ይዘው የነበሩ ተመላሾች የሆኑትን አይቻለሁ። ጎተራዎ በዶላር እዛው አካውንት ውስጥ ይሁን፣ ወደ ብር የሚቀየረው የወሩ ፍጆታ ብቻ። እንደውም አውቶማቲኩን በዶላር ቆርጠው ከሚተዉት በየሩብ ዓመቱ የብር ወጪዎን ደምረው በዛን ጊዜ ምንዛሬ የሚያስፈልገውን ያህል ቢያስተካክሉት ጥሩ ነው፣ ምንዛሬው ከዋጋ ንረቱ ቀድሞ የሄደባቸው ወራት ላይ ከ16 ሺውም የሚተርፍ ነገር ሊኖር ይችላል። እሱ ግን አይዘልቅም፣ የገበያው ዋጋ ደርሶ ይይዘዋል፣ ስለዚ ሲገኝ ቦንዱ ውስጥ ይተዉት እንጂ አይተማመኑበት።

ስንት ጊዜ አካውንቱን ልይ የሚለውም ያስጨንቃል መሰለኝ። በዓመት አንዴ፣ ታህሳስ መጨረሻ በፈረንጅ፣ ይበቃል። ያን ቀን ስቶክ ፈንዱ የዓመቱን ትርፍ ወይ ኪሳራ ያሳያል። አትርፎ ከሆነ የሚቀጥለውን ዓመት ወጪ ከስቶኩ ይሽጡና ከቦንዱ የበሉትንም በዛው ትንሽ ይመልሱለት፣ ከስሮ ከሆነ ስቶኩን አይንኩት ከቦንዱ ይብሉ። በመሀል ማርኬቱ በሳምንት 5 ፐርሰንት ወረደ ሲባል የሚቀየር ነገር የለም።

ለቤቱ የሚሆነውን 8 ሺ መቼ ልመልስ ካሉ፣ 24 ሺ ሲካፈል ለባላንሱ ከ6 ፐርሰንት በታች ሲወርድ ነው፣ ማለትም አካውንቱ ከ400 ሺ በላይ ሲመለስ። እኔ 6ንም ከፍ ያለ ነው የምለው፣ ግን ሶሻል ሴኩሪቲ ስላለዎትና ቤቱ አንድ ቀን ስለሚያልቅ እቀበለዋለሁ። በተቃራኒው ደሞ 16 ሺው ራሱ ከባላንሱ 6 ፐርሰንት ካለፈ፣ አካውንቱ ከ267 ሺ በታች ገባ ማለት ነው፣ ያኔ ሰርቪሱም ፊኒሺንጉም ይቅርና ከሶሻል ሴኩሪቲው የተወሰነውን ለጅማው ኑሮ ማዞር ይኖርብዎታል፣ ስለዚ ከልጆቹ ጋር ያንን ወሬ ዛሬ ተረጋግታችሁ ብታወሩት ይሻላል፣ ያኔ በጭንቀት ከምታወሩት። አሁን 16 ሺው 4.8 ፐርሰንት ላይ ነው ያለው። አውቶማቲኩን ያስቀየሩ ቀን ከየትኛው ፈንድ እየሸጠ እንደነበረና ቦንዱ ላይ በትክክል ስንት እንደቀረ ይፃፉልኝ፣ በዛ ቁጥር ደግሜ አሰላልዎታለሁ።